ሁለት አይጦች በአንድ ደም፦ የረሃብና የጥጋብ ሆርሞኖች ታሪክ

ልጅ ሆኜ በሰፈራችን አንድ ወፍራም ልጅ ነበር። ስሙን የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም «ሆዳም» ነበር የሚለው። እናቱ ሳትቀር ሰው ፊት «ይሄ ሆዱን አምላኪ!» ትለዋለች። ልጁም ይስቃል። የሚስቀው ለምን እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

በአማርኛችን ሆዳም ማለት የሰውነት ሁኔታ መግለጫ አይደለም፤ ፍርድ ነው። ራሱን መግዛት ያቃተው፣ ለሆዱ ያደረ፣ ለጥቅሙ ሲል ወዳጁን የሚሸጥ ሁሉ ሆዳም ይባላል። ፈረንጆቹም ከእኛ አይሻሉም ነበር። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ብዙ ሐኪሞቻቸው ውፍረትን የሚያዩት እንደ ጠባይ ጉድለት ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ይህ ፍርድ በአይጦች ላይ እንዴት እንደተፈተነ፣ ከዚያም ሳይንሱ ራሱ «አሁንስ ነገሩ ገባኝ» ባለበት ሰዓት እንዴት እንደተሳሳተ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ታሪኩ የሚጀምረው አሜሪካ ውስጥ፣ ሜይን በምትባለው ግዛት፣ ባር ሃርበር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። እዚያ ጃክሰን ላቦራቶሪ የሚባል፣ ለምርምር የሚሆኑ አይጦችን የሚያራባ ተቋም አለ። በ1947 በአካባቢው የተነሳ ከባድ የደን ቃጠሎ ተቋሙን ከነአይጦቹ አወደመው። እንደገና ተሠርቶ፣ ከዚህ በፊት አይጦቹን የወሰዱ ተመራማሪዎች ዘራቸውን መልሰው ልከውለት ሥራ ጀመረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1949 በጋ፣ ሠራተኞቹ ከወንድሞቹና ከእህቶቹ የተለየ አይጥ አዩ። መብላት አያቆምም። ብዙም አይንቀሳቀስም። ሲያድግ ከጤነኛ አይጥ ክብደት ሁለት ሦስት እጥፍ ደረሰ። ዘሩን ሲከታተሉ ችግሩ ከሁለቱም ወላጆች የተበላሸ ጂን ሲወረስ ብቻ የሚመጣ ሆኖ አገኙት። ስሙንም «ኦቢ» አሉት፤ ወፍራም ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተቆረጠ ነው።

ልብ በሉ፤ አይጥ ማስታወቂያ አያይም፣ ሠርግ አይጠራም፣ ጉርሻም አያውቅም። በአንድ ዓይነት ጎጆ፣ አንድ ዓይነት ምግብ እየበሉ፣ አንዱ ይወፍራል፣ ወንድሙ አይወፍርም። ልዩነቱ አንድ ጂን ነው።

በ1960ዎቹ ደግሞ እዚያው ተቋም ውስጥ ሌላ ወፍራም የአይጥ ዘር ተገኘ። ይሄኛው ከውፍረቱ ሌላ ኃይለኛ የስኳር ሕመም ስላለበት «ዲቢ» ተባለ። ሲታዩ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። የተበላሸው ጂን ግን የተለያየ ነው። ይህን እንቆቅልሽ የወረሰው ዳግላስ ኮልማን የሚባል ካናዳዊ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ነው። አንድ ሁለት ዓመት ሠርቶ ሊሄድ ነበር የመጣው፤ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ቀረ።

ኮልማን ያደረገው ሙከራ ሲነገር ይዘገንናል፤ ግን ታሪኩ ያለ እሱ አይገባም። ሁለት አይጦችን ጎን ለጎን አድርጎ ቆዳቸውን ሰፍቶ አገናኛቸው። ቁስሉ ሲድን ቀጫጭን የደም ሥሮች ከአንዱ ወደ ሌላው ይበቅላሉ፤ በደም ውስጥ የሚዞር ነገር ሁሉ ቀስ እያለ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። አፋቸው፣ ሆዳቸውና አንጎላቸው ለየብቻ ነው፤ ደማቸው ግን ይጋራል። (ከሱ በፊት ሄርቬይ የሚባል እንግሊዛዊ ይህንኑ ዘዴ ተጠቅሞ ጥጋብን የሚናገር ነገር በደም ውስጥ ሳይኖር እንደማይቀር በ1959 ጽፎ ነበር።)

መጀመሪያ ዲቢን ከጤነኛ አይጥ ጋር ሰፋ። የጠበቀው፣ የስኳር ሕመሙ ወደ ጤነኛው ይተላለፍ እንደሆነ ነው። የሆነው ሌላ ነው። ጤነኛው አይጥ ምግብ ፊቱ እያለ መብላት አቆመ፤ በቀናት ውስጥም በረሃብ ሞተ። ሲከፈት ሆዱና አንጀቱ ባዶ ነው። ዲቢው ግን ምንም ሳይመስለው መብላቱን ቀጠለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ከወፍራሙ ደም ወደ ጤነኛው የተሻገረ፣ «ጠግበሃል፣ በቃህ» የሚል አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ያውም በብዛት አለ። ታዲያ ራሱ ዲቢው ለምን አይጠግብም? አንድ መልስ ብቻ ይታያል፤ መልእክቱን ያመነጫል፣ ግን አይሰማውም። ጆሮው ተደፍኗል።

ቀጥሎ ኦቢን ከጤነኛ አይጥ ጋር ሰፋ። ኦቢው ትንሽ ትንሽ መብላት ጀመረ፣ ክብደቱም እንደ በፊቱ በፍጥነት አልጨመረም። ይህ ማለት ኦቢው መልእክቱን መስማት ይችላል፤ የራሱ መልእክት ግን የለውም። በመጨረሻ ሁለቱን ወፍራሞች፣ ኦቢንና ዲቢን፣ እርስ በርስ ሰፋቸው። ግምቱ ትክክል ከሆነ ዲቢው ያለልክ የሚረጨውን «በቃህ» ኦቢው ሰምቶ መብላት ማቆም አለበት። ሆነም። ኦቢው ከስቶ በረሃብ ሞተ፣ ዲቢው መወፈሩን ቀጠለ። ኮልማን ይህን በ1973 ሲያጠቃልል ድምዳሜው አጭር ነበር፤ ኦቢ መልእክተኛው የጎደለው ነው፣ ዲቢ ተቀባዩ የተበላሸበት።

እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ አመክንዮ በሥነ ሕይወት ታሪክ ውስጥ አላነበብኩም። ንጥረ ነገሩን አላየውም፣ አልነካውም፣ ስም አልሰጠውም። ግን መኖሩንና ሥራውን በሦስት ስፌት አረጋገጠ። ብዙ ባልደረቦቹ ግን አልተቀበሉትም። ውፍረት የጠባይ ጉዳይ ነው የሚለው እምነት ከአይጥ ደም ይልቅ ጠንካራ ነበር። ኮልማን ራሱ ንጥረ ነገሩን ለዓመታት ፈልጎ አጣው። ዛሬ ምክንያቱን እናውቃለን፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂት ስለሆነ በዘመኑ መሣሪያ ለይቶ ማውጣት አይቻልም ነበር።

ከዚያ ነገሩ ኒው ዮርክ ወደሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ። ጄፍሪ ፍሪድማን የሚባል ሐኪም ንጥረ ነገሩን መፈለግ ትቶ ጂኑን ለመፈለግ ወሰነ። ያኔ የአይጥ ጂኖች ዝርዝር አልነበረም። በመቶዎች የሚቆጠሩ አይጦችን እያዳቀሉ፣ ውፍረቱ ከየትኛው የክሮሞሶም ክፍል ጋር አብሮ እንደሚወረስ እያዩ ክልሉን ማጥበብ ነው ያለው አማራጭ። ስምንት ዓመት ገደማ ፈጀ። በ1994 ግንቦት፣ አንድ እሑድ ጎሕ ሲቀድ፣ ፍሪድማን ጨለማ ክፍል ውስጥ ያጠበውን ፊልም ሲያይ የፈለገው ጂን እንደሆነ አወቀ። ጂኑ የሚሠራው በስብ ውስጥ ነበር። ከሁለቱ የኦቢ ዘሮች በአንዱ ጂኑ ጨርሶ ድምፁ ጠፍቷል፤ በሌላው ደግሞ የተበላሸ ቅጂ ከልክ በላይ እየተመረተ ነው። አካሉ «መልእክቱ አልደረሰም» እያለ ደጋግሞ እንደሚልክ ማለት ነው።

ፍሪድማን ፕሮቲኑን ሌፕቲን አለው፤ «ሌፕቶስ» በግሪክኛ ቀጭን ማለት ነው። በ1995 ሌፕቲን ለኦቢ አይጦች በየቀኑ ሲወጋ በሁለት ሳምንት 30 በመቶ ያህል ክብደት ቀነሱ። ለዲቢ ሲወጋ ምንም አልሆነም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሌፕቲን ተቀባይ ተገኘ፤ ወዲያውም በዲቢ አይጥ የተበላሸው ይሄው ተቀባይ መሆኑ ታወቀ። ኮልማን ከሃያ ዓመት በፊት የተናገረው ቃል በቃል ሆነ።

አሁን አሠራሩን በቀላሉ ላስቀምጠው። ስብ እስከዚያ ድረስ እንደ ጎተራ ብቻ ነበር የሚታሰበው። ለካ ጎተራው ይናገራል። የስብ ሕዋሳት በያዙት ስብ መጠን ሌፕቲን እያመነጩ ወደ ደም ይለቃሉ። ሌፕቲኑ አንጎል ሥር ወዳለችው፣ ሃይፖታላመስ ወደምትባለው ትንሽ ክፍል ይደርሳል። እዚያ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ዓይነት ነርቮች አሉ። አንደኞቹ «ብላ፣ ጉልበት ቆጥብ» ይላሉ፣ ሌሎቹ «በቃ» ይላሉ። ሌፕቲን የመጀመሪያዎቹን ዝም ያሰኛል፣ ሁለተኞቹን ያነቃል። ጎተራው ሲጎድል ሌፕቲን ይወርዳል፤ ያን ጊዜ «ብላ» ባዮቹ ልጓማቸው ይፈታል። ይህ የአንድ ምሳ ጉዳይ አይደለም፤ ሌፕቲን የሚናገረው የሳምንታትና የወራት ስንቅ ምን ያህል እንደሆነ ነው።

በሰው ላይስ? እንግሊዝ አገር፣ ኬምብሪጅ ውስጥ፣ ስቲቨን ኦራሂሊና ሳዳፍ ፋሩቂ የሚባሉ ሐኪሞች ሁለት የአጎት ልጆችን መረመሩ። ቤተሰቡ ከፓኪስታን የመጣ፣ ዘመድ ከዘመድ የተጋባበት ነው። ሴቷ ልጅ 8 ዓመቷ ነው፤ ክብደቷ 86 ኪሎ። ወንዱ 2 ዓመቱ ነው፤ 29 ኪሎ። ሁለቱም ሲወለዱ ክብደታቸው እንደማንኛውም ሕፃን ነበር። ችግሩ የጀመረው ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ በልተው ወዲያው ሌላ ይጠይቃሉ፣ ሲከለከሉ ይጮኻሉ። እስቲ የነዚህን ልጆች እናቶች አስቡ። ጎረቤት ምን ይላቸው ነበር? ሐኪም ቤት ሲሄዱስ? የደማቸው ምርመራ ሲመጣ ሌፕቲን የለም በሚባል ደረጃ ዝቅተኛ ነው። ምክንያቱ በሌፕቲን ጂናቸው ውስጥ አንዲት ፊደል መጉደሏ ነበር። አንዲት ፊደል! ከዚያች በኋላ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ይዛባል፣ ፕሮቲኑም ከሕዋሱ አይወጣም። ይህ በ1997 ታተመ።

ሴቷ ልጅ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሌፕቲን መርፌ መውሰድ ጀመረች። በ12 ወር 16 ኪሎ ቀነሰች፤ የቀነሰው ከሞላ ጎደል ስብ ብቻ ነው። የበለጠ የሚያስገርመው ግን ከጊዜ በኋላ ይህንኑ ሕክምና ያገኘ የ3 ዓመት ልጅ ነው። 42 ኪሎ ነበር። ሐኪሞቹ የፈለገውን ያህል እንዲበላ ምግብ ፊቱ አቅርበው ይለካሉ። ሌፕቲን ከጀመረ በኋላ በአንድ ገበታ የሚበላው 84 በመቶ ቀነሰ። ማንም አልመከረው፣ ማንም አልከለከለው፣ ማንም «እረፍ!» አላለው። ሰባት ዓመት ሲሞላው 32 ኪሎ ሆነ፤ አራት ዓመት አድጎ፣ ቁመቱ ጨምሮ፣ ክብደቱ ከበፊቱ ያነሰ። ይህ ልጅ ከመርፌው በፊት ሆዳም ነበር? ከመርፌው በኋላስ ጨዋ ሆነ? ጠባዩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ደሙ ውስጥ ያለው ነገር ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር። ግን አላለቀም።

አምጀን የሚባለው የመድኃኒት ኩባንያ ገና በ1995 ለሌፕቲን ፈቃድ ለሮክፌለር 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ወፍራም ሰው ሌፕቲን ይጎድለዋል፣ እኛ እንሸጥለታለን። ችግሩ የተሰማው በ1996 ነው። የወፍራምና የቀጭን ሰዎች ደም ሲለካ፣ ወፍራሞቹ ሌፕቲን አላነሳቸውም። እንዲያውም በአማካይ አራት እጥፍ ያህል ይበልጣል። ነገሩ ስታስቡት ትክክል ነው፤ ስብ የበዛበት ሰው ሌፕቲን ይበዛበታል። ይህ ማለት አብዛኛው ወፍራም ሰው ኦቢን ሳይሆን ዲቢን ነው የሚመስለው፤ መልእክቱ አለ፣ ሰሚ የለም። (ልዩነቱ፣ የሰዎቹ ተቀባይ ጂን ጤነኛ መሆኑ ነው።) የመድኃኒቱ ሙከራ በ1999 ሲታተም ውጤቱ ይህንኑ አረጋገጠ። ከፍተኛውን መጠን ለስድስት ወር ገደማ የወሰዱት ወፍራም ሰዎች ጥቂት ነበሩ፤ በአማካይ 7 ኪሎ ቀነሱ። ከሰው ሰው ግን ልዩነቱ ሰፊ ነበር፣ መርፌው የገባበት ቆዳም ብዙዎቹን ይቆጣቸው ነበር። ለዚያ ሁሉ ተስፋ ይህ ብዙ አይደለም።

ለምን አይሰማም? በከፊል ሌፕቲን ከደም ወደ አንጎል የሚሻገርበት በር ሲጨናነቅ ነው። በከፊል ደግሞ ነርቮቹ ራሳቸው ብዙ ሌፕቲን ለረጅም ጊዜ ሲደርሳቸው መልእክቱን የሚያፍን ፕሮቲን ያመርታሉ። ቤታችሁ አጠገብ ወፍጮ ቤት ቢኖር ከወር በኋላ ድምፁን አትሰሙትም፤ እንደዚያ ነው። ይሄኛው የኔ ምሳሌ ነው፤ ሳይንቲስቶቹ የሌፕቲን እምቢተኝነት ነው የሚሉት፣ ዝርዝሩ ላይም አሁን ድረስ ይከራከራሉ።

የበለጠ ያሳመነኝ ግን ሌላ ማብራሪያ ነው። ሌፕቲንን የምናየው ከተሳሳተ ወገን ነበር። ከ1996 ጀምሮ የተሠሩ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ አይጥ ሲራብ ሌፕቲኑ በፍጥነት ይወርዳል፤ ያ መውረድ ነው እርባታውን የሚያቆመው፣ የታይሮይድ ሆርሞኑን የሚቀንሰው፣ ጉልበት እንዲቆጥብ የሚያደርገው። በተራበበት ሰዓት ሌፕቲን ቢወጋ ይህ ሁሉ በአብዛኛው ይቀራል። ስለዚህ የሌፕቲን ዋና ሥራ «ወፍረሃል» ማለት ሳይሆን «ስንቅህ እያለቀ ነው» ማለት ነው። ሲወርድ እንደ እሳት አደጋ ደወል ይጮኻል፤ ከልክ በላይ ሲወጣ ግን የሚናገረው ነገር ብዙ የለውም። ችጋር እንጂ ትርፍ ምግብ ለሺህ ዓመታት የሰው ጠላት ሆኖ አያውቅም። አንጎላችን የተሠራው ለዚያኛው ጠላት ነው።

ሌላው ሆርሞን የመጣው ከጃፓን ነው፤ የተገኘውም ረሃብን ከመፈለግ አይደለም። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች የእድገት ሆርሞንን የሚያስለቅቅ አንድ ተቀባይ አግኝተው ነበር፤ አካል ውስጥ ይህን ቁልፍ የሚከፍተው ምን እንደሆነ ግን አያውቁም። ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ ኦሳካ ውስጥ ይፈልጉ ጀመር። ተቀባዩ አንጎል ውስጥ ስለሆነ ቁልፉም አንጎል ውስጥ ይሆናል ብለው አሰቡ። የአንጎሉ አልሆነላቸውም። የተለያዩ የአካል ክፍሎችን ሲሞክሩ ከሁሉ በላይ ምላሽ የሰጠው ጨጓራ ሆነ። በታኅሣሥ 1999 አሳተሙት። ስሙንም ግሬሊን አሉት፤ ማደግ ከሚል የጥንት ቃል ሥር የወጣ ነው። 28 አሚኖ አሲዶች ያሉት አጭር ሰንሰለት ነው፤ ሦስተኛዋ ላይ ትንሽ የስብ ቁራጭ ተለጥፋባታለች። ያች ቁራጭ ከሌለች ተቀባዩን አይከፍትም።

ሥራው ቶሎ ታወቀ። ሌፕቲን ዝም የሚያሰኛቸውን እነዚያኑ «ብላ» ባይ ነርቮች ግሬሊን ይቀሰቅሳቸዋል። በ2001 እንግሊዝ ውስጥ ግሬሊን በደም ሥራቸው የተሰጣቸው ዘጠኝ በጎ ፈቃደኞች ምግብ ሲቀርብላቸው ከሌላ ቀን 28 በመቶ ጨምረው በሉ። በዚያው ዓመት ሲያትል ውስጥ ዴቪድ ከሚንግስና ባልደረቦቹ የሰዎችን ደም ቀኑን ሙሉ ደጋግመው ለኩ። ግሬሊን ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በፊት ወደ ሁለት እጥፍ ይወጣል፣ ከተበላ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይወርዳል። ሌፕቲን የጎተራው ቆጣሪ ከሆነ ግሬሊን የገበታው ደወል ነው።

አንድ ነገር ግን አስተውሉ። በኋላ በተሠራ ጥናት ሰዎች ጨርሶ ሳይበሉ ሲለኩም ግሬሊናቸው በተለመደው የምግብ ሰዓት ወጥቶ፣ ምንም ሳይበሉ ተመልሶ ወረደ። ይህን የጾመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በስድስት ሰዓት ላይ ሆድ ይጮኻል፣ ጭንቅላት ይከብዳል፤ ስምንት ሰዓት ሲሆን «አሁንስ አልራበኝም» ትላላችሁ። ሆዳችሁ ውስጥ የገባ ነገር የለም፤ ደወሉ ሰዓቱ አልፎበት ዝም ብሎ ነው። ሁሉም የግሬሊን ሥራ ነው ባልልም፣ ግሬሊን የለመደውን ሰዓት እንደሚያውቅ ግን ተለክቷል።

እዚህም ላይ «ግሬሊንን ብናግድ ሰው አይራብም» የሚል ተስፋ መጣ። ይሄኛውም አልሠመረም። ግሬሊን እንዳይኖራቸው ተደርገው የተፈጠሩ አይጦች ከሌሎቹ ብዙም ሳይለዩ በሉ፣ አደጉ። በጣም ወፍራም ሰዎችም ግሬሊናቸው ከቀጭኖቹ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ የሚራቡት ግሬሊን በዝቶባቸው አይደለም። ፕራደር ዊሊ የሚባል፣ ልጆችን በማያቋርጥ ረሃብ የሚያሠቃይ የዘር ሕመም አለ፤ እነዚህ ልጆች ግሬሊናቸው በእርግጥም በጣም ከፍተኛ ነው። ግን በመድኃኒት ሲቀነስላቸው ረሃባቸው አልቀነሰም።

ታዲያ ግሬሊን ለምን አስፈለገ? መልሱ ዳላስ ውስጥ በ2010 ከታተመ ሙከራ መጣ። ያችን የስብ ቁራጭ ግሬሊን ላይ የሚለጥፍ ኤንዛይም የሌላቸውን አይጦች ወስደው፣ ለሳምንት ያህል ከሚበሉት 40 በመቶውን ብቻ ሰጧቸው። ጤነኞቹ አይጦች ከስተው፣ ስባቸው አልቆ፣ ግን የደም ስኳራቸውን ይዘው ቆዩ። የሚሠራ ግሬሊን የሌላቸው ግን የደም ስኳራቸው ወርዶ ሞት አፋፍ ደረሱ። ጥጋብ ባለበት ጊዜ ግሬሊን ኖረ አልኖረ ብዙ ልዩነት የለውም። በችጋር ጊዜ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ከሌፕቲን ጋር አስተያዩት፤ ሁለቱም የችጋር ዘበኞች ናቸው።

ይህን ከተረዳን ብዙ ሰው የሚያማርርበት ነገር ይፈታል። ሰው በምግብ ቅነሳ ይከሳል፣ ከዓመት በኋላ ይመለስበታል። አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራና በ2011 የታተመ ጥናት ይህን በዝርዝር ተከታትሎታል። ወፍራም የሆኑ 50 ሰዎች ለአሥር ሳምንት በጣም ጥቂት ካሎሪ ብቻ እየበሉ በአማካይ 13 ኪሎ ተኩል ያህል ቀነሱ። ሌፕቲናቸው አሽቆለቆለ፣ ግሬሊናቸው ወጣ። ይህ ይጠበቃል። ተመራማሪዎቹ ግን ከዓመት በኋላ ተመልሰው ለኩ። ሰዎቹ ከቀነሱት የተወሰነውን መልሰዋል፤ ሌፕቲናቸው ግን አሁንም ከመነሻው ዝቅ ያለ ነው፣ ግሬሊናቸው አሁንም ከፍ ያለ ነው፣ ሲጠየቁም ከመጀመሪያው የበለጠ ይርበናል አሉ። አንጎላቸው «እንኳን ደስ ያለህ፣ ቀጠንክ» አላላቸውም። «ችጋር ገብቷል፣ ስንቅህን መልስ» ነው ያላቸው፤ ያውም ለዓመት ሳይታክት። ራስን መግዛት ምንም አይሠራም ማለቴ አይደለም። ግን «ሁለት ወር ቻልክ፣ አሁን ምን ነካህ?» የምንለው ሰው የሚታገለው ከመጀመሪያው ቀን የበለጠ ረሃብ ጋር ነው።

ጥያቄ እንደምትልኩልኝ ስለማውቅ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሌፕቲን ልመርመር ወይ የሚል ካለ፣ ለአብዛኛው ወፍራም ሰው ምርመራው የሚጠቅመው ነገር የለም፤ ከፍ ብሎ ይመጣል፣ ይኸው ነው። የሌፕቲን ጂን ጉድለት እጅግ ብርቅ ነው። ሐኪም የሚጠረጥረው ሲወለድ ጤነኛ ክብደት የነበረው ሕፃን ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት በኃይል ሲወፍርና ረሃቡ የማይቆም ሲሆን፣ በተለይም ወላጆቹ የሚዛመዱ ከሆነ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ካያችሁ ለሕፃናት ሐኪም አሳዩት፤ መድኃኒቱ አለና። ሁለተኛ፣ «ሌፕቲን» የሚል ተጽፎበት በእንክብል የሚሸጥ ነገር አትግዙ። ሌፕቲን ፕሮቲን ነው፤ ሲዋጥ ጨጓራ እንደ እንቁላል ይፈጨዋል። ልጆቹ በመርፌ የወሰዱት ለዚህ ነው።

ሌፕቲን በመጨረሻ በአሜሪካ የተፈቀደው ለውፍረት አልነበረም። የአካላቸው ስብ የጠፋባቸው ወይም ሲወለዱም ያልነበራቸው ሰዎች አሉ። ሲታዩ ጅማታቸው የወጣ ቀጭን ናቸው፤ ጎተራ ስለሌላቸው ግን ሌፕቲንም የላቸውም፣ ስለዚህ ረሃባቸው አይጠግብም፣ ስኳራቸውና በደማቸው የሚዞረው ስብ ይንራል። ለነሱ መርፌው በየካቲት 2014 ተፈቀደ። ኮልማን ያኔ ባር ሃርበር አቅራቢያ ይኖር ነበር። ከፍሪድማን ጋር በ2010 ታላቁን የላስከር ሽልማት ከተካፈለ ሦስት ዓመት አልፎታል። መርፌው ከተፈቀደ ከሁለት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ፣ በ82 ዓመቱ አረፈ።